ለአገናኟ የጻፍኩት ምስጋና

«ኤጀንሲዋ ገንዘቧን ከሆቴሉ ተቀብላለች። አንተ ደግሞ ከወር በኋላ ምን ብለህ ነው የምታመሰግናት?»

ይህን የጠየቀኝ ጎንደር አራዳ ላይ ቡና ስንጠጣ አንድ ጓደኛዬ ነው። እውነት አለው፣ ሆቴል ውስጥ ሥራ ያገኘችልኝ አገናኝ ከእኔ ሳንቲም አልወሰደችም። መውሰድም አትችልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የግል አገናኝ ኤጀንሲ ሥራ ፈላጊውን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ማስከፈል አይፈቀድለትም። እኛ ግን የለመድነው ደላላን ነው። ሥራ ያስገባህ ሰው ከመጀመሪያ ደመወዝህ ላይ ድርሻውን ይጠብቃል። እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት አንድ ኪሎ ቡና ይዤ ቢሮዋ መሄድ ነበር። ኋላ ተውኩት። ቡናውን ብትቀበል ሰው ምን ይላል? ብትመልሰው ደግሞ እኔ ምን እሆናለሁ? ወረቀት ይሻላል አልኩ።

በተቀጠርኩ ማግስት ብጽፍላት ኖሮ ግን የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። ያኔ የማውቀው የነገረችኝን ብቻ ነው። ከነገረችኝ ውስጥ የትኛው እውነት እንደሆነ የሚለየው አንድ ደመወዝ ተቀብለህ፣ አንድ የወር መጨረሻ ሒሳብ ዘግተህ ስታይ ነው። እኔ የገባሁት ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ፣ ለአንድ ሆቴል ኮስት ኮንትሮለር፣ ማለትም ወጪ ተቆጣጣሪ ሆኜ ነው። ጎንደር ውስጥ ሆቴል ቤት በታኅሣሥ መግባት ማለት ጥምቀት ላይ መውደቅ ማለት ነው። አገናኟ ይህን አልደበቀችኝም። «ጥር 10 እና 11 ፈቃድ ብለህ እንዳትጠይቅ፤ ቤተሰብህንም ካሁኑ ንገራቸው» ብላኝ ነበር። እናቴ ትንሽ አኮረፈች እንጂ ነገሩን ቀድማ ታውቅ ነበር።

ሌላው የደመወዙ ነገር ነው። ማስታወቂያው 12,000 ብር ይላል። እሷ ወረቀት አውጥታ ቀናነሰችልኝ፦ የሥራ ግብር 2,250፣ የጡረታ 7 በመቶ 840፣ እጅህ ላይ የሚደርሰው 8,910 ብር። ወር ሲሞላ የገባልኝም ያው ነው። የቤት ኪራዬን የተነጋገርኩት በ12,000 ሒሳብ ቢሆን ኖሮ ጉድ ፈልቶብኝ ነበር።

የመጀመሪያው ረቂቄ ግን ከዚህ አንዱንም አልያዘም። «ውለታዎን በምን ቃል እገልጸዋለሁ»፣ «ያለ እርስዎ ባልሆነ ነበር» እያለ ይሄዳል። ለሠርግ ጥሪ የሚሆን አማርኛ! ስሙን ቀይሮ ለማንም መላክ ይቻላል። ቀደድኩት። የላክሁት ይኸውና፦

«ጤና ይስጥልኝ። ሆቴሉ ውስጥ አንድ ወር ሞላኝ። ስለ ጥምቀት ቀድመው ስለነገሩኝ ቤተሰቤን አስቀድሜ ማዘጋጀት ችያለሁ። ደመወዜም ወረቀት ላይ ካሰቡልኝ አንድ ብር ሳይዛነፍ ደርሶኛል። ለሁለቱም ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላሳውቅዎ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ የስቶር ቆጠራ በዚህ የሥራ መደብ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እስከ ማታም ያስቆያል። ለእኔ አልከበደኝም፤ ለዚህ መደብ ሌላ ሰው ሲያናግሩ ግን ቢነግሩት ጥሩ ነው።»

ጓደኛዬ ቆጠራውን ሲያነብ «ይሄማ ስሞታ ነው» አለ። እኔ አይመስለኝም። አገናኝ የሥራውን ውስጥ የምታውቀው ቀጣሪው በነገራት ልክ ነው። ቆጠራ ያለበትን ሰው ሳይነግሩት ቢያስገቡት በሁለተኛው ቅዳሜ የስቶር ዕቃ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ጥሎ ይሄዳል፤ እሷም እንደገና ሰው ፍለጋ ትገባለች። ሆቴሉን ግን አላማሁም። ስቶሩ ውስጥ ስንት ጎደለ፣ ስንት ተረፈ የሚለውም ከበሩ አይወጣም።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ «የእኔንም ሲቪ አያይዘህ ላክልኝ» ብሎ ነበር። እምቢ አልኩት። ምስጋናው ሥር ሲቪ ካለ ምስጋናው መንገድ ማሳመሪያ ይሆናል። የእሱን በሌላ ቀን፣ ለብቻው እጠይቅለታለሁ።

«ቋሚ ሆንኩ» ብዬም አልጻፍኩም፣ አልሆንኩማ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። እስከዚያ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያ ትሰናበታለህ። በሳምንት ስድስት ቀን እየሠራሁ በአንድ ወር የቆጠርኩት 26 ነው።

መልሷ በማግስቱ መጣ። «ቆጠራውን ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ሆቴሉ አልነገረኝም ነበር። 34 ቀን ይቀርሃል፣ ሲሞላ ደውልልኝ።» እሷም ቀኑን ስትቆጥር ነበር ማለት ነው።