በሑዳዴ ሰዓት ከመቀነስ በፊት ከባዱን ጥናት ወደ ንጋት ማዛወር

«ሑዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ፤ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ከቀትር በኋላ የማነበው አይገባኝም። የጥናት ሰዓቴን ልቀንስ ወይስ ማታ ላካክስ?»

ሁለቱም በኋላ ይታያሉ። በመጀመሪያ ማየት ያለብሽ የትኛው ጥናት በየትኛው ሰዓት ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በልቶ በጊዜ የተኛ ተማሪ ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲነሣ አእምሮው አርፏል፣ ረሃቡም ገና አልበረታም። ከስድስት ሰዓት በኋላ ግን በረሃቡ ላይ ውኃ አለመጠጣቱ ይጨመርበታል፤ ያኔ ቀድሞ የሚላላው ትኩረት ነው። የሚያውቁትን ማስታወስ ያን ያህል አይቸግርም። አምስት ስድስት ደረጃ ያለውን ስሌት በጭንቅላት ይዞ እስከ መጨረሻው መድረስ ነው የሚከብደው። ስለዚህ አንዱ ሥራ ለንጋት፣ ሌላው ለስምንት ሰዓት ይሆናል።

ጠዋት የምትማር የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪን እንውሰድ። ከጾሙ በፊት ከቀትር በኋላ ሦስት ሰዓት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ታጠና ነበር እንበል። በሑዳዴ ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ተኩል አዲስና ከባድ የሆነውን ትይዛለች፤ አንድ ርዕስ ብቻ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ትተኛለች። ከስምንት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ቀላሉን ትሠራለች። በልታ ካረፈች በኋላ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ጠዋት በያዘችው ርዕስ ላይ መልመጃ፣ ማታ ደግሞ 45 ደቂቃ ክለሳ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ መኝታ። ድምሩ አራት ሰዓት ገደማ ነው፤ የቀነሰው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን የተለወጠው የሥራው አቀማመጥ ነው።

«ቀላል» ሲባል ብዙ ተማሪ የሚመርጠው ደብተር ገልጦ ደጋግሞ ማንበብን ነው። ይህ በጾም ሰዓት የሚያታልል ሥራ ነው፤ ዓይን መስመሩን ይከተላል፣ አእምሮ ግን ምንም አይዝም፣ ሆኖም የተጠና ይመስላል። ደብተሩን ዘግቶ ትናንት የተማሩትን በአምስት መስመር መጻፍና ከዚያ ገልጦ ማመሳከር ይበልጣል። ጥያቄው አጭር፣ መልሱም አጭር ስለሆነ ትኩረት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይጠየቅም።

ከባዱን ጥያቄም ቢሆን ቆርሶ መሥራት ይቻላል። የፊዚክስ ጥያቄ እንይ፦ ኳስ በ20 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት፣ ከአግድም 30 ዲግሪ ወደ ላይ ተወረወረ፤ የት ይወድቃል? በስምንት ሰዓት የሚሠራው ሥዕሉን መሣል፣ ፍጥነቱን ለሁለት መክፈልና የትኛው ቀመር እንደሚያስፈልግ መጻፍ ነው። ወደ ላይ 10፣ ወደ ጎን 17.3 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። እዚያ ላይ ይቆማል። ከምግብና ከዕረፍት በኋላ የስበት ፍጥንጥነትን 10 አድርጎ ቀሪውን መጨረስ ነው፤ ለመውጣት አንድ ሰከንድ፣ ለመውረድ አንድ ሰከንድ፣ በሁለት ሰከንድ 34.6 ሜትር። ጥያቄው ያው ነው፤ አንድ ላይ ሲሠራ ያደክም የነበረው ለሁለት ተከፈለ።

በዚህ ጊዜ ስሕተትን መለየት ያስፈልጋል። ከቀትር በኋላ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ማምታታት፣ መለኪያ መርሳት፣ አንድ መስመር መዝለል ይበዛል። እነዚህ የድካም ስሕተቶች ናቸው። የተሳሳተ ቀመር መምረጥ ግን አለማወቅ ነው። ከእያንዳንዱ ስሕተት ጎን ሰዓቱን ጻፊና ጥያቄውን በማግሥቱ ንጋት ላይ መልሰሽ ሥሪው። ያኔ ከተሳካ ርዕሱን ታውቂዋለሽ፣ እንደገና ማጥናት አያስፈልግሽም። በተከታታይ ሦስት ጥያቄ ላይ የድካም ስሕተት ከመጣ ግን የዚያን ሰዓት ስሌት አቁመሽ ወደ ክለሳ ዙሪ።

ማታ ላካክስ ወይ ያልሽውን እዚህ ላይ ልመልስ። አይሠራም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቡና ነው። ጠዋት ያልተጠጣው ቡና ከምግብ በኋላ፣ ወደ 10 እና 11 ሰዓት ይዛወራል። ከካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ከአምስት ሰዓት ገደማ በኋላም በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ እንቅልፍ ይዘገያል፤ እንቅልፍ ከዘገየ ደግሞ የንጋቱ ጥናት ይቀራል። ጥናቱ በሙሉ የተደገፈው በዚያ ሰዓት ላይ ነው። ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ በሽሮውና በምስሩ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። አንድ ሰዓት ማዘግየትና በአንድ ስኒ መወሰን ይበቃል፤ ቲማቲም ወይም ሎሚ ከምግቡ ጋር ቢጨመር ደግሞ ብረቱ ይበልጥ ይወሰዳል።

የመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘወረደ፣ ለብዙዎች ከባድ የሚሆነውም በከፊል በዚሁ ቡና ነው። ጠዋት ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ራስ ምታቱ ይበረታል። ጾሙ ከመግባቱ አሥር ቀን በፊት የጠዋቱን ስኒ ቀስ በቀስ መቀነስ ይህን ያቀልላል። በዘወረደ አዲስ ምዕራፍ አለመጀመር ይሻላል። ውኃውን ደግሞ ከዘጠኝ ሰዓት እስከ መኝታ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ነው፤ አንድ ሊትር በአንዴ ቢጠጡት ብዙው ቶሎ በሽንት ይወጣል። ጠዋት ሽንት በጣም ከጠቆረ የማታው ውኃ አልበቃም ማለት ነው። ሲነሡ ራስ የሚያዞር ከሆነ ወይም መድኃኒት የሚወሰድ ከሆነ ግን ነገሩ የጥናት ፕሮግራም ጉዳይ አይደለም፤ ሐኪምንና የንስሐ አባትን ማማከር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ ከቅዳም ሥዑር በስተቀር የጾም ምግብ በጠዋት ስለሚበላ፣ ሰዓት ተይዞ የሚሠራው ሙሉ ሞዴል ፈተና ለዚያ ቀን ይቀመጥ። በሰሞነ ሕማማት ደግሞ የመብሊያው ሰዓት ይዘገያል፣ ስግደቱም ብርቱ ነው። ለዚያ ሳምንት የ30 ደቂቃ ክለሳ ብቻ ተይዞ ቀሪው ከወዲሁ ከዕቅዱ ይውጣ። በ2018 ሑዳዴ የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ዋለ፤ ሳምንቱ መቼ እንደሚመጣ በቀን መቁጠሪያ ላይ ስላለ ቀድሞ ማቀድ አያስቸግርም።

ተማሪው ይህን ሁሉ አድርጎም የማይፈታው ነገር አለ፤ እሱም በትምህርት ቤቶች እጅ ነው። የሒሳብና የፊዚክስ ፈተና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ሲሰጥ የሚለካው ዕውቀት ብቻ አይሆንም። በሑዳዴም በረመዳንም ፈተናዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍለ ጊዜያት ይሰጡ። የማጠናከሪያ ትምህርት ልክ በዘጠኝ ሰዓት አይጀመር። የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ዘጠኝ ሰዓት የሚሆንባቸው ክፍል ውስጥ ነው፤ ለእነርሱ ከቤት ያመጡትን የሚበሉበትና ውኃ የሚጠጡበት 20 ደቂቃ ይፈቀድ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ክፍለ ጊዜ ለሥዕል፣ ለስፖርት ንድፈ ሐሳብ ወይም ለክለሳ ቢመደብ መርሐ ግብሩን ከማሸጋሸግ ያለፈ ወጪ የለውም።