20 ሚሊዮኑስ ገባ፣ ግን መቼ?

«ፕሮጀክቱ አልቋል። በ4 ዓመት 20 ሚሊዮን ይገባል ብለን ነበር፤ 20 ሚሊዮን ገባ። አሁን ደግሞ የምን ኦዲት ነው?»

ደሴ ላይ በተደረገው የባለአክሲዮኖች ስብሰባ ይህ ሲባል ቤቱ አጨበጨበ። እኔ ግን ንድድ አለኝ። የኮምቦልቻው ዱቄት ቤት ውስጥ የእኔም ገንዘብ አለበት።

በ13 ሚሊዮን ብር ነው የገባንበት። ጥናቱ በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ብር ይገባል አለ። ቆይቶ የሚገባ ብር ዛሬ በእጅ ካለው ስለሚያንስ፣ በዓመት በ15 በመቶ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ፣ ወጪው ተቀንሶ፣ 1.27 ሚሊዮን ይተርፋል። በዚህ አጸደቅነው።

በእጅ የገባው ግን መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎ 3፣ ከዚያ 7፣ በመጨረሻ 9 ሚሊዮን ነው። ደምሩት፤ አዎ፣ 20 ነው። በዚያው በ15 በመቶ መልሱት፤ 12.89 ሚሊዮን ይሆናል። ካወጣነው 13 ሚሊዮን በ110 ሺህ ብር ገደማ ያንሳል። ያጨበጨብነው ለኪሳራ ነው!

ገንዘቡ ለምን ዘገየ? ኦዲት የሚባለው ይህን መጠየቅ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ከጎደለው 4 ሚሊዮን አንዱ የመብራት መዘግየት ነው። ሦስቱ ግን የትም አልጠፋም፤ መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር። የጃማ ስንዴ የሚገዛው አዝመራ ሲገባ፣ በጥሬ ብር ነው። ዱቄቱ ደግሞ ለዳቦ ቤቶች በዱቤ ይወጣል። ጥናቱ ትርፍን እንጂ የገባ ብርን አልቆጠረም። የታሰረው ገንዘብ ዱቤው ሲሰበሰብና መጋዘኑ ሲራገፍ፣ ማለትም በ3ኛውና በ4ኛው ዓመት ተመለሰ። ለዚህ ነው ድምሩ የገጠመው። የቀረውን ጉድለት የሞላው የዱቄት ዋጋ መናር ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም አልተነበየም። ስህተታችንን ዕድል ሸፈነው፤ ይኸው ነው።

የመብራቱን እቀበላለሁ፤ አስቀድሞ ማወቅ ይከብዳል። የስንዴውን ግን ማንም የወሎ ነጋዴ ሳይጠየቅ ይነግርህ ነበር። ኦዲተሩ ሁለቱን መለየት አለበት። የገዛነውን ኩንታል ከዋጋው፣ የተሸጠውን ከተሰበሰበው ለይቶ፣ ከጥናቱ ጎን በየዓመቱ ያስቀምጥ። ሥራውንም ጥናቱን ያዘጋጀው ሰው አይሥራው። የራሱን ፈተና ራሱ ሊያርም ነው እንዴ?

«ያለፈ አልፏል» የምትሉኝ፣ አዲሱን የማካሮኒ ጥናት ግለጡት። አሁንም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እኩል ገቢ ተደርድሯል። ጥሬ ዕቃ ለማከማቸት የሚታሰር ገንዘብ የሚል መስመር የለም፤ ዱቤም የለም። ያው ሠንጠረዥ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ያ መስመር ካልገባ በሚቀጥለው ስብሰባ እጄን አላወጣም።