ከ3.3 ወደ 3.4፦ ትንሽ የመሰለው ቁጥር

«ከ3.3 ወደ 3.4 ነው እኮ የሄደው። የፊተኛው ቁጥር አልተነካም። ታዲያ ትናንት ይሠራ የነበረው ዛሬ ለምን አልሠራ አለ?»

ጠያቂው ወጣት ፕሮግራመር ነው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021። ያስቸገረው `cryptography` የሚባለው የፓይተን ላይብረሪ ነው። እኔ ያልኩት፣ የቨርዥን ቁጥሩን የሰጡት ሰዎችና አንተ በአንድ ቋንቋ አልተነጋገራችሁም ነው።

እሱ ቁጥሩን ያነበበው በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ ነው፤ የቨርዥን ቁጥር እንዴት እንደሚሰጥ የሚናገር ደንብ ነው። ደንቡን የጻፈው ከጊትሀብ መሥራቾች አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር ነው። ነገሩን በምሳሌ ላሳይ። ኤስኤምኤስ የሚልክ ላይብረሪ አለን እንበል፤ ቨርዥኑ 2.5.1፣ የምንጠራው ደግሞ `send(phone, text)` ብለን። የአማርኛ መልእክት ከ70 ፊደል ሲያልፍ መጨረሻው ይቆረጥ ነበር፤ ይህ ስህተት ታረመ። 2.5.2 ይሆናል። ቀጥሎ መልእክትን ለነገ ጠዋት ቀጥሮ የሚልክ አዲስ ፈንክሽን ተጨመረ፤ የድሮው እንዳለ ነው። 2.6.0 ይሆናል፤ መሃለኛው ሲጨምር የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ አንዱ ተነስቶ `send(text, phone)` ብሎ ቦታ አቀያየረ። የተነካው አንድ መስመር ነው፤ ግን የሚጠራው ሰው ኮድ ሁሉ ስልኩን እንደ መልእክት፣ መልእክቱን እንደ ስልክ ሊልክ ነው። ስለዚህ 3.0.0።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ይመስለኛል። ቁጥሩ የሚለካው የሥራውን ብዛት አይደለም። ውስጡ አሥር ሺህ መስመር እንደ አዲስ ተጽፎ ከውጭ ሲጠሩት እንደ ድሮው ከመለሰ የመጨረሻው ቁጥር ብቻ ቢጨምር በቂ ነው። የሚለካው እናንተ ኮዳችሁን መንካት ይኖርባችሁ እንደሆነ ነው።

ነጥቡም የሒሳብ ነጥብ አይደለም። ከ1.9 ቀጥሎ 1.10 ይመጣል፤ አንድ ነጥብ አሥር ተብሎ ነው የሚነበበው። ቢያንስ በሴማንቲክ ቨርዥኒንግ።

ወደ ልጁ ልመለስ። ፕሮጀክቱ ውስጥ እንዲህ የሚል መስመር ነበረው፦

```
cryptography~=3.3
```

ይህ የፓይተን ላይብረሪዎችን ለሚጭነው `pip` «3.3 ወይም ከዚያ በላይ ስጠኝ፣ ግን 4 እንዳይደርስ» ማለት ነው። ዶከር ኢሜጁን እንደገና ቢልድ ሲያደርግ 3.4 ወጥቶ ስለነበር ያንን ወሰደ። ልጁ የሚጠቀመው አልፓይን ሊኑክስ ነው። ለአልፓይን አስቀድሞ የተዘጋጀ ፋይል ስላልነበረ ላይብረሪው እዚያው ከሶርሱ መገንባት ነበረበት። ከ3.4 ጀምሮ ደግሞ ለመገንባት የራስት ኮምፓይለር ያስፈልጋል። ኢሜጁ ውስጥ ራስት የለም። ቢልዱ እዚያው ቆመ። በየአገሩ ብዙ ሰው በዚያው ሰሞን እዚሁ ግድግዳ ጋር ተላትሟል፤ ጩኸቱም ቀላል አልነበረም።

አዘጋጆቹ ግን ሴማንቲክ ቨርዥኒንግን እንከተላለን ብለው አያውቁም። የራሳቸው ደንብ ነበራቸው፣ ጽፈውም አስቀምጠውታል። በእነሱ ዘንድ የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች እንደ አንድ አስርዮሽ ቁጥር ይቆጠራሉ፤ ከ0.9 ቀጥሎ 1.0 እንጂ 0.10 አይመጣም። ስለዚህ ከ3.3 ወደ 3.4 መሄድ በእነሱ ቋንቋ «ነገር ሊለወጥ ይችላል፣ ተጠንቀቁ» ማለት ነበር። ልጁ «ትንሽ ነገር ተጨመረ» ብሎ ሰማው።

ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግን ቢከተሉም ኖሮ ልጁ ላይድን ይችል ነበር። ደንቡ የሚናገረው ስለ ኤፒአይ ነው፤ ማለትም ሌላው ኮድ ስለሚጠራው ነገር። እዚህ ፈንክሽኖቹ እንዳሉ ናቸው። የተለወጠው ለመገንባት የሚያስፈልገው መሣሪያ ነው፤ ያንን በየትኛው ቁጥር እንደሚያሳዩ ደንቡ በግልጽ አያስገድድም። እኔ ብሆን የፊተኛውን እጨምር ነበር። ሰው ኮዱን ባይነካም ኢሜጁን እንዲያስተካክል ካስገደድኩት፣ ለእሱ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

ለዚያ ቀን ሁለት መውጫ ነበረው። አንዱ `cryptography<3.4` ብሎ መገደብ ነው፤ ግን የደህንነት ማስተካከያ ሲወጣ እሱንም ስለሚያግድ ለረጅም ጊዜ አይሆንም። ሌላው አዘጋጆቹ ራሳቸው የተዉት ቀዳዳ ነው፤ ሲገነባ ራስትን እንዲዘለው ማድረግ፦

```
CRYPTOGRAPHY_DONT_BUILD_RUST=1
```

ልጁ የመጀመሪያውን መረጠ። ከወራት በኋላ ገደቡን ሊያነሳ ሲል እንደገና ደወለልኝ። ከ3.4 ተከታታይ ቀጥሎ የወጣው 35.0.0 ነበር። «በእነዚህ ወራት ሠላሳ ምናምን ትልልቅ ለውጥ አደረጉ?» አለኝ። አላደረጉም። የቁጥር አሰጣጣቸውን ሊቀይሩ ወስነው ነው። ከ3.4 ላይ ነጥቧን አነሱና 34 ሆነ፤ ቀጣዩ 35።