«ላይ» ሁሉ «ኦን» አይደለም

«ቲቸር፣ ላይ ማለት ኦን አይደል እንዴ? ታዲያ ኦን ያልኩበት ሁሉ ለምን ኤክስ ይሆናል?»

ይህን የጠየቀችኝ ደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ የማስተምራት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት። በእረፍት ሰዓት ደብተሯን ይዛ መጣች። ደብተሩን ሳየው ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ገባኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምራ የጻፈችው ነገር አለ፦ ኦን ማለት ላይ፣ ኢን ማለት ውስጥ፣ አት ማለት በ። ይህን ያስጻፍናት እኛ መምህራን ነን። እኔም ለዓመታት ሳስጽፍ ኖሬያለሁ። አሁን ግን ይህ መስመር ከተማሪዎቻችን ደብተር ይውጣ ባይ ነኝ።

ኤክስ የበዛበት ጽሑፏ ስለ ጉዞ ነበር። መጀመሪያ በአማርኛ አስባ ነው የጻፈችው፤ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው። አማርኛው እንዲህ ይላል፦ «እሁድ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መናኸሪያ ላይ ተገናኘን። አውቶቡስ ላይ ወጣን። ደብረ ሲና ላይ ቁርስ በላን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሰርጉ ላይ ብዙ ሰው ነበር። ስንመለስ መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን።»

«ላይ» የሚለውን ቁጠሩ። ስድስት ነው። እንግሊዝኛው ውስጥም ስድስት «ኦን» ጽፋለች። ከስድስቱ ትክክል የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አውቶቡሱና መንገዱ። የቀሩት አራቱ በሙሉ «አት» መሆን ነበረባቸው። አት ሲክስ ኦክሎክ፣ አት ዘ ባስ ስቴሽን፣ አት ደብረ ሲና፣ አት ዘ ዌዲንግ። በጽሑፏ ውስጥ «አት» አንድም ቦታ የለም።

ለምን ጠፋ? አማርኛ ውስጥ «አት»ን ብቻውን የሚተካ ቃል ስለሌለን ይመስለኛል። «በ» ብለን እናስጽፋለን፤ ግን «በ» ለሦስቱም ይሆናል። በመንገድ፣ በቤት፣ በ3 ሰዓት፣ በክረምት፣ ሁሉም «በ» ነው። ስለዚህ ተማሪው የሚጨብጠው ነገር ያጣል። «ኦን» ግን «ላይ» የሚባል ጓደኛ ተሰጥቶታል። አእምሮው ደግሞ ወደሚያውቀው ይሮጣል።

የእኛ «ላይ» ብዙ ሥራ ያለበት ቃል ነው። ጠረጴዛ ላይ እንላለን፤ ይህ በእርግጥም «ኦን» ነው። ግን ሰዓት ላይ፣ ስብሰባ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ መስከረም ላይም እንላለን። እነዚህ ውስጥ ከፍታ የለም። አንድን ነጥብ ወይም አንድን ጊዜ ለይተን መጠቆማችን ነው። እንግሊዝኛ ይህን ሥራ ለሦስት ቃላት ከፋፍሎታል።

ከቦታ እንጀምር። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አንድን ቦታ ሲጠራ በልቡ ይስለዋል። ነገሩን እንደ ገጽ ወይም እንደ መስመር ከሳለውና ሌላው ነገር ከነካው ወይም ከተጠጋው «ኦን» ይላል። ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል «ኦን» ነው። ኮርኒስ ላይ ያለች ዝንብም «ኦን» ናት፣ ምንም እንኳ ከኮርኒሱ በታች ብትሆንም። ዋናው ነገር መንካቱ ነው። መንገድ ደግሞ መስመር ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። እዚህ ጋ «ኦን ዘ ሮድ ቱ ደሴ» ቢባል አንድም ስህተት የለውም።

ነገሩን እንደ ዕቃ፣ እንደሚይዝና እንደሚከልል አድርጎ ከሳለው «ኢን» ነው። የጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ስናልፍ «ኢን ዘ ታነል» ነን።

ነገሩን እንደ ነጥብ ከሳለው «አት» ነው። ካርታ ላይ ጣታችንን አሳርፈን «እዚህ ጋ» የምንለው ዓይነት። መናኸሪያው በር ላይ ተገናኙ፣ ግቢው መሃል ተገናኙ፣ ትኬት መቁረጫው ጋ ተገናኙ፣ «አት ዘ ባስ ስቴሽን» ነው። መናኸሪያው ለጊዜው መቀጣጠሪያ ነጥብ እንጂ ግቢ አይደለም። ለዚህ ነው አማርኛ ውስጥ ለ«አት» የሚቀርበው ቃል «ጋ» ነው የምለው። «መናኸሪያ ጋ»፣ «በሩ ጋ»፣ «ፌርማታው ጋ»። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ሰዓት ሲመጣ አያግዝም። ለቦታ ግን «በ» ከሚለው በጣም ይሻላል።

ደብረ ሲና የሚያምር ምሳሌ ናት። ያው ከተማ አንዴ ነጥብ፣ አንዴ ዕቃ ትሆናለች። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት ለሚሄድ መንገደኛ ደብረ ሲና የጉዞው አንድ ነጥብ ናት። «ዘ ባስ ስቶፕድ አት ደብረ ሲና» ይላል። እዚያ ተወልዶ ላደገ ሰው ግን ቤቱን፣ ሰፈሩን፣ ገበያውን የያዘች ከተማ ናት። «አይ ሊቭ ኢን ደብረ ሲና» ይላል። ቁርስ መብላቱን በተመለከተ «ኢን»ም ያስኬዳል፤ ተናጋሪው ከተማዋን እንዴት እንዳያት ነው የሚወስነው። «ኦን» ግን በሁለቱም በኩል በር የለውም። የሚገርመው የራሳችን ጆሮ ይህን ልዩነት ያውቃል። «መኪናው ደብረ ሲና ላይ ቆመ» ስንል ደህና ነው። «ደብረ ሲና ላይ እኖራለሁ» ስንል ግን ይጎረብጣል። ክፍል ውስጥ ይህን አንስቼ ስጠይቃቸው ልጆቹ ራሳቸው ሳቅ ብለው «አይባልም» አሉኝ። መነሻችን ይህ ጆሮ ቢሆን ሕጉን መሸምደድ ባላስፈለጋቸው ነበር።

ሰርግ፣ ለቅሶና ስብሰባ ቦታ አይደሉም፤ ዝግጅት ናቸው። ዝግጅት ባብዛኛው «አት» ይወስዳል። ስልክ አንስቶ «ስብሰባ ላይ ነኝ» ለሚል ሰው ግን የተለመደው «አይ አም ኢን ኤ ሚቲንግ» ነው፤ ስብሰባው ይዞታል።

የተሽከርካሪው ነገር ላይ ተማሪዬ የቀናት በአጋጣሚ ነው። አውቶቡስ፣ ባቡርና አውሮፕላን «ኦን» ይወስዳሉ። የቤት መኪና ቢሆን ኖሮ «ኢን ኤ ካር» ነበር የሚባለው። ባጃጅም እንደዚያው። ቆመን ልንራመድበት የምንችለውና ሕዝብ የሚጭነው «ኦን»፣ አጎንብሰን ገብተን የምንቀመጥበት «ኢን» ብሎ መያዝ ይቻላል። ልማድ ነው እንጂ የተጻፈ ሕግ አይደለም።

አሁን ወደ ጊዜ። እዚህ ላይ ነው ያ በቀይ የተሰመረበት መስመር በጣም የሚያሳስተን። በእንግሊዝኛ ሰዓት «አት» ይወስዳል። ቀን «ኦን» ይወስዳል። ወር፣ ወቅትና ዓመት «ኢን» ይወስዳሉ። አማርኛውን ከጎኑ አስቀምጡት። 12 ሰዓት ላይ፣ መስከረም ላይ፣ ክረምት ላይ እንላለን። ቀን ሲሆን ግን አብዛኛውን ጊዜ «ሰኞ ዕለት» ወይም እንዲሁ «ሰኞ እመጣለሁ» ነው የምንለው። እንግዲህ እንግሊዝኛው «ኦን» በሚፈልግበት በዚያው ቦታ እኛ «ላይ» አንልም። እኛ «ላይ» በምንልበት ቦታ ደግሞ እሱ «ኦን» አይልም። ተማሪዬ ሰዓቱን «ኦን» ብላ፣ እሁድ ጠዋትን «ኢን» ያለችው ለዚህ ነው። «ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚለውን ስለሸመደደች ጠዋት ሁሉ «ኢን» መሰላት። ጠዋቱ የአንድ የተጠራ ቀን ሲሆን ግን ቀኑ ያሸንፋል። «ኦን ሰንደይ ሞርኒንግ» ነው።

በዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ይለያል። 12 ሰዓትን «ትዌልቭ» ብሎ የጻፈ ልጅ ሰውን ከጠዋት ወደ ቀትር ይወስደዋል። እሷ «ሲክስ» ብላ መጻፏን አይቼ ደስ ብሎኛል።

ሦስቱንም በአንድ ላይ የማሳየው ሁሉም ልጅ በሚያውቀው ነገር ነው። ዳግማዊ ምኒልክ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ አንጎለላ ነው የተወለዱት፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። በፈረንጆቹ 17 ኦገስት 1844 መሆኑ ነው። «ሚኒሊክ ዎዝ ቦርን» ብለን ሰሌዳው ላይ እንጽፍና እንቀጥላለን። ዓመቱን ብቻ ከጠራን «ኢን 1844»። ወሩን ከጨመርን አሁንም «ኢን ኦገስት 1844»። 17 የምትለዋ ቁጥር ስትገባ ግን «ኢን» ወጥቶ «ኦን 17 ኦገስት 1844» ይሆናል። ዓመቱ እዚያው አለ፣ ወሩም አለ፤ ቀኑ ግን ስለተጠራ እሱ ይመራል። ተማሪዎች ከሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። የመጨረሻውን ቃል፣ ዓመቱን አይተው «ኢን» ይላሉ። መታየት ያለበት ትንሿ ክፍል ናት።

በዓል ላይም እንዲሁ ነው። «አት ክሪስማስ» ሲባል የገና ሰሞን ማለት ነው። «ኦን ክሪስማስ ደይ» ሲባል የዕለቱ ቀን ነው። ማታም ያስቸግራል፤ «ኢን ዘ ኢቭኒንግ» ይባልና «አት ናይት» ይባላል። ቅዳሜና እሁድን እንግሊዞች «አት ዘ ዊክኤንድ»፣ አሜሪካኖች «ኦን ዘ ዊክኤንድ» ይላሉ። ይህን አንዱን መርጦ መያዝ ነው።

ሌላው የእኛ «በ» የሚያመጣው ጣጣ ምንም ማስገባት በማይገባበት ቦታ መገኘቱ ነው። «በሚቀጥለው ሰኞ»፣ «ባለፈው ሳምንት»፣ «በየቀኑ» እንላለን። «በ» ስላለች ተማሪው «ኦን ኔክስት ማንደይ»፣ «ኢን ላስት ዊክ» ይላል። ኔክስት፣ ላስት፣ ዚስና ኤቭሪ ከጊዜ ቃል ፊት ሲቆሙ ሦስቱም ይወጣሉ። «ኔክስት ማንደይ» ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ፈተና ሳርም በአንድ ወረቀት ላይ ይህን ስህተት አራት ጊዜ አግኝቻለሁ። የልጁ ሌላው ሰዋስው ንጹሕ ነበር።

ተማሪዬ ጽሑፉን እንደገና ጽፋ አመጣች። አራቱ «ኦን» ወደ «አት» ተቀይረዋል፤ እሁድ ጠዋትም የራሱን «ኦን» አግኝቷል። መጨረሻ ላይ ግን አዲስ ዓረፍተ ነገር ጨምራ ነበር። «አውቶቡሱ በሰዓቱ ተነሳ፤ እኛም በሰዓቱ ደረስን» ለማለት ሁለቱንም «ኦን ታይም» ብላለች። የመጀመሪያው ልክ ነው፤ 12 ሰዓት የተባለው አውቶቡስ 12 ሰዓት ተነስቷል። ሁለተኛውን እንዲህ ስል ጠየቅኳት፦ «የደረሳችሁት በተባለው ደቂቃ ነው ወይስ ሙሽራዋ ከመውጣቷ በፊት?» ትንሽ አሰበችና «ሙሽራዋ ሳትወጣ ደረስን ለማለት ነው» አለችኝ። እንግዲያው «ኢን ታይም» ነው አልኳት። አጥፍታ ጻፈችው።