ምርታቸው ለወረደ ጋሼ ምን ተብሎ ይነገራል?

«ጋሼ ናቸው ሥራ ያስተማሩኝ። አሁን ምርታቸው ወርዷል፣ አለቃዬም ተናገር ይለኛል። ምን ብዬ ልጀምር?» ደብረ ብርሃን ካለ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የፈረቃ ኃላፊ የሆነ ልጅ ነው የጠየቀኝ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ኃላፊ «ጎበዝ፣ በርታ» ብሎ መላክ አይበቃም። የሚናገረው ቃል በእጁ ይሰጠው ባይ ነኝ። ካልተሰጠው ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ብርዱ ያወራል። ጋሼም ሰላም ተባልኩ ብለው ይወጣሉ። በነጋታው ግን ሰውየው ተነግሯቸዋል ተብሎ ይያዛል።

የሚጻፍለት መክፈቻው ብቻ ነው። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ጋሼ፣ የጠራሁዎት ስለ ሥራዎ ነው። ጥር ላይ በአንድ ፈረቃ 240 ብርድ ልብስ ጠርዝ ይሰፉ ነበር። መጋቢት ላይ 180 ሆኗል። መብራት የጠፋበትንና ማሽን የቆመበትን ሰዓት አውጥቼ ነው የቆጠርኩት። ምን ገጠመዎት?»

ከዚህ በኋላ ዝም ማለት ነው። ከባዱ ይሄ ነው። ብዙ ኃላፊ ዝምታው ያስጨንቀውና መልሱን ራሱ ይሰጣል፦ «ደክሞዎት ይሆናል፣ ግድ የለም።» በቃ፣ ውይይቱ እዚያ ላይ ሞተ።

የመብራቷን ነገር ሳያጣሩ ቁጥር ይዞ መግባት ደግሞ ውርደት ነው። ጋሼ «የቆምነው እኮ በመብራት ነው» ካሉ መልስ የለህም።

ጋሼ «ማታ ማታ ክሩ አይታየኝም» አሉ እንበል። እንግዲያው ነገሩ የስንፍና አይደለም። ብርሃኑ ይታያል፣ ወደ ቀን ፈረቃ መዛወር ይታሰባል፣ ክሊኒክ ይሄዳሉ። ከመለያየታችሁ በፊት «ምን ተስማማን?» ብለህ ጠይቃቸው። በራሳቸው አፍ ካልመለሱት አልተግባባችሁም።

ወረቀቱ በዚያው ቀን ይጻፍ። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ቀኑ፣ የነበሩት ሰዎች፣ ሁለቱ ቁጥሮች፣ ጋሼ ያሉት፣ የተስማማችሁበት፣ እንደገና የምትገናኙበት ቀን። «ዓይናቸው ታሟል» ብለህ አትጻፍ፣ ሐኪም አይደለህም። «ማታ ክሩ እንደማይታያቸው ነግረውኛል» በል። «ግዴለሽ ሆነዋል» የሚልማ ጨርሶ አይግባ። አንብብላቸው፣ ይፈርሙ፣ ቅጂ ስጣቸው። ፊርማው ደረሰኝ ማለት እንጂ አምኛለሁ ማለት እንዳልሆነ ንገራቸው። እምቢ ካሉም እምቢ ማለታቸው ይጻፋል።

እንደ ጨዋታ አውርተህ ወረቀቱን «ማስጠንቀቂያ» ብለህ ፋይል ውስጥ መክተት ግን ሰውን ማታለል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመሥራት ችሎታ መቀነስ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ የሥራ ውል ለማቋረጥ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ነገሩ ክርክር ላይ ከደረሰ ግን ጋሼ የማያውቁት ወረቀት የሚያጋልጠው አሠሪውን ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወደ 230 ከተመለሰ ይህም እዚያው ወረቀት ላይ ይጻፍ። መውረዱን ጽፎ መመለሱን የሚረሳ ኃላፊ ብዙ ነው፤ ፋይሉ ውስጥ የሚቀረው 180ው ብቻ ይሆናል።