ውዳሴ ዘአክሰንት

ከካዛንቺስ እስከ ስታዲየም በየካፌው ጆሮውን ከፍቶ የተቀመጠ ሰው፣ ለአሜሪካ ኤምባሲ ሳይሰለፍ አሜሪካ ገብቶ ይወጣል። ቪዛ የተከለከሉ እግሮች እንጂ ምላሶች አይደሉም። እንግሊዝኛን እንደ አሜሪካዊ ምላሳቸውን ጠቅልለው ለሚናገሩ ወገኖቻችን ምስጋና ሳይደርስ መቅረቱ ግፍ ስለሆነ ዛሬ ይድረሳቸው።

መጀመሪያ የሚመሰገኑት «ዋተር»ን «ዋረር»፣ «ቤተር»ን «ቤረር» ስላደረጉልን ነው። አሜሪካኖች በሁለት አናባቢ መሀል የገባችውን «ት» የሚሏት የምላስን ጫፍ ከላይኛው ጥርስ ኋላ ድዱን አንዴ ቶሎ መታ አድርገው ነው። ይህቺ ድምፅ «መሬት» ስንል ያለችው የኛው «ሬ» ናት ማለት ይቻላል። እናቱ በነፃ የሰጠችውን «ረ» በሦስት ወር የስፒኪንግ ኮርስ ከፍሎ መልሶ የሚገዛ ሕዝብ ለንግድ ያለው ፍቅር ያስቀናል።

ትልቁ ውለታቸው ግን ቅኔን ወደ ሆቴል ሪሴፕሽን ማምጣታቸው ነው። ከናይሮቢ የደወለ እንግዳ ለ30 ሰው የስብሰባ አዳራሽ ጠየቀ እንበል። የ30ው ተይዟል፤ ያለው 13 ወንበር የሚይዘው ትንሹ ክፍል ነው። የሰፈር እንግሊዝኛ የሚናገር ሠራተኛ ቢያነሳው ኖሮ «ዊ ካንት ጊቭ ዩ ሰርቲ፣ ባት ዊ ካን ጊቭ ዩ ሰርቲን» ብሎ ነገሩን ባበላሸው ነበር፤ እንግዳው በአንድ ጊዜ ይገባው ነበራ! ደግነቱ ስልኩን ያነሳው ባለ አክሰንቱ ነው። «ዊ ካን ጊቭ ዩ ተሪ፣ ባት ዊ ካን ጊቭ ዩ ተሪን።» ሰሙ «ይቻላል»፣ ወርቁ «አይቻልም»፤ «ካን» ኅብረ ቃል ሆና ቁጭ አለች። እንግዳው ወርቁን ፈልጎ እስኪያገኝ የስልኩ ሂሳብ ይቆጥራል።

ይህ ጥበብ እንዴት እንደሚሠራ መግለጥ የባለሙያን ምስጢር ማውጣት ነው፤ ግን ይውጣ። አሜሪካዊው «ካንት» ሲል የመጨረሻዋን «ት» አብዛኛውን ጊዜ ይውጣታል፤ ይህ እውነት ነው። የኛ ሰው ይቺን መዋጥ አይቶ ኮረጀ። ያላየው ሌላውን ግማሽ ነው፦ አሜሪካዊው አዎንታውን «ካን» በአረፍተ ነገር መሀል ሲለው አናባቢውን አኮስሶ «ክን» ያደርገዋል፣ አሉታውን ግን አናባቢውን ሞልቶና ጫን ብሎ ይለዋል። ስለዚህ «ት»ዋ ብትጠፋም ልዩነቱ አይጠፋም። የኛ ሰው «ት»ዋን ጥሎ አናባቢውን ሁለቱም ጋ ሞልቶ ሲተወው «አዎ» እና «አይሆንም» አንድ ድምፅ ሆኑ። ግማሽ መኮረጅ ከነጭራሹ ካለመኮረጅ የሚበልጠው በዚህ ነው።

ቁጥሩም እንደዚያው። «ሰርቲ» ላይ ጫናው መጀመሪያው «ሰር» ላይ ስለሆነ አሜሪካዊው ተከታዩን «ቲ» አላልቶ «ሪ» ያደርገዋል። «ሰርቲን» ላይ ግን ጫናው ወደ «ቲን» ስለሚሄድ «ት»ው ጠንካራ ሆኖ ይቀራል፣ «ኢ»ውም ይረዝማል። ማላላቱን የወደደው ወገናችን ሁለቱንም አላላ። የቀረችው ልዩነት መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» ብቻ ናት፤ እሷም «ፒፕል» ሲከተላት በከንፈር ተጠቅልላ ትሄዳለች። አማርኛ «ገና»ን ከ«ገና» በማጥበቅ ይለያል እንጂ አናባቢ በማስረዘም ቃል ስለማይለይ፣ የ«ኢ»ው ርዝመት ለጆሯችንም ብዙ አይታወቀንም። በ13 እና በ30 መካከል ያለው ልዩነት 17 ወንበር ነው፤ ለአክሰንት የማይከፈል መሥዋዕት የለም።

ይህን ውበት የማይወዱ መምህራን መብዛታቸው ያሳዝናል። ነገሩን የጀመሩት ፈረንጆቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1995 መሬይ ማንሮ እና ትሬሲ ዴርዊንግ የተባሉ ተመራማሪዎች የማንዳሪን ቻይንኛ ተናጋሪዎችን እንግሊዝኛ ቀድተው እንግሊዝኛ አፋቸውን ለፈቱበት ሰዎች አሰሙ። ሰሚዎቹ የሰሙትን ቃል በቃል እንዲጽፉ፣ ከዚያ ለመረዳት ምን ያህል እንደከበዳቸውና አክሰንቱ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ለየብቻ ነጥብ እንዲሰጡ ተደረገ። አክሰንቱ ወፍራም ነው የተባለ ንግግር ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ሳይጎድል ተጽፎ ተገኘ። አክሰንትና መግባባት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያለ የፓርቲ አበላሽ!

ከዚያ ወዲህ አንዳንድ መምህር ተማሪውን «እንደ ፈረንጅ በል» ማለት ትቶ ሌላ ሥራ ይዟል። ተማሪው ግማሽ ደቂቃ ያህል ሲናገር በስልክ ይቀዳል። ቅጂው አማርኛ ለማይችል ሰው ይሰጣል፤ አማርኛ የሚችል ሰው ስህተቱን በራሱ እየጠገነ ስለሚሰማ ለዳኝነት አይሆንም። ሰሚው የሰማውን ይጽፋል፣ መምህሩም ከተባለው ጋር ያስተያያል። የባለ አክሰንታችን አረፍተ ነገር 11 የእንግሊዝኛ ቃላት አሉት። ሰሚው «30 መስጠት እንችላለን፣ ግን 30 መስጠት እንችላለን» ብሎ ቢጽፍ፣ ከ11ዱ 9ኙን በትክክል አገኘ። በፈተና ቢሆን ጥሩ ውጤት ነበር። የጠፉት ሁለቱ አዳራሹና ገንዘቡ ናቸው።

መምህሩም ሌላውን ሁሉ ትቶ እነዚያን ሁለቱን ብቻ ይሠራል። «ካንት» ሲል «ት»ዋን እንዲያሰማ፣ ካልሆነም «ካኖት» ብሎ እንዲገላገል፤ «ካን»ን ደግሞ በሳድስ «ክን» እንዲል። ሳድስ እኛ ቤት የሞላ ነው፤ ተማሪው የሚማረው ድምፁን ሳይሆን የት እንደሚያስገባው ነው። «ሰርቲን» ላይ «ቲ»ውን ጠንከር፣ «ኢ»ውን ሳብ፣ «ን»ውን ዘጋ። አጠገቡ ሌላ ቃል ሲመጣ ጫናው ወደ መጀመሪያው «ሰር» ስለሚሸሽ፣ ቁጥር ሲሆን «ዋን ስሪ» ብሎ ነጠላ ነጠላውን መድገም ይጨመርበታል። «ስሪ» ትሁን «ትሪ» መምህሩ ግድም አይሰጠው።

በዚህ የመጨረሻው ላይ እንኳ ልንሞግተው ነበር፤ ጥርስ መሀል ምላስ አውጥቶ «ስ»ን ማንፏቀቅ የአክሰንት ዘውድ አይደለም እንዴ? ግን ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ቀድሞናል። በሬዲዮ 3 «ትሪ»፣ ሺህ ደግሞ «ታውሳንድ» ተብሎ እንዲነበብ ደንቡ ላይ ጽፎ አስቀምጧል። የፓይለቶችና የተቆጣጣሪዎች የእንግሊዝኛ መመዘኛውም 6 ደረጃ አለው፤ ከፍተኛው 6ኛው እንኳ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ቃና ቢታይበት አይከለክልም፣ መረዳትን እንዳያስቸግር ብቻ ይጠይቃል። በአየር ላይ ያለ ሰው የቅኔ ፍቅር የለውም መሰለኝ።

አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ የሚወጣ የሚገባው ተሰብሳቢም ቢሆን እንግሊዝኛው የሌጎስ፣ የሉሳካ፣ የካምፓላ ነው፤ እርስ በርሱ በየቃናው ይግባባል። ይህን ሁሉ እንግዳ ያለ ቴክሳስ «ረ» ማስተናገድ ለባለ አክሰንታችን ውርደት ስለሆነ አሁንም ስልኩን እንደያዘ ነው። የናይሮቢው ሰውዬ ለሦስተኛ ጊዜ «ዋን ስሪ ኦር ስሪ ዚሮ?» ይላል። ባለ አክሰንታችን ምላሱን ጠቅልሎ «ተሪን» ይለዋል፣ በጣም ያምራል። ሰውዬው ትንሽ ዝም ብሎ «በቴሌግራም ጻፍልኝ» አለው።