«ጠፋሽብኝ» በፊደል ይጻፍልኝ!

ትናንት ማታ በሦስት ሰዓት «tefashibign» የሚል መልእክት ደረሰኝ። ጠፋሽብኝ ነው ተፋሽብኝ? በማን ላይ ነው የተፋሁት? ይህን ሳልጨርስ «metahulish» ተከተለ። መጣሁልሽ ነው መታሁልሽ? ማንን ነው የመታልኝ?

በቃኝ! የላቲኑ t «ተ»ንም «ጠ»ንም ይሸከማል፤ k «ከ»ንም «ቀ»ንም ይሸከማል። አናባቢውማ እንደ ጸሐፊው ስሜት ነው፤ ባሰኘው ቀን ይጨምረዋል፣ ባሰኘው ቀን ይውጠዋል። የፍቅር ቃል እንደ እንቆቅልሽ ተፈትቶ ይነበባል? ፊደሉን እስክለይ ድረስ ልቤ ቀዝቅዞ ያድራል። (ማጥበቅና ማላላትን የእኛም ፊደል አያሳይም፣ አውቃለሁ። «ጠ»ን ከ«ተ» ግን አያምታታብኝም።)

ስልኩ አማርኛ አይጽፍም እንዳልል፣ የበዓል ዕለት «እንኳን አደረሰሽ» ብሎ በግዕዝ ፊደል ልኮልኛል። ለእናቱም በፊደል ነው የሚጽፈው። ታዲያ ናፍቆት ሲሆን ለምን ወደ ላቲን ይሸሻል? እኔ ምክንያቱ የገባኝ ይመስለኛል። «ናፈቅሽኝ» በፊደል ሲጻፍ የምር ይሆናል። እጁ ያለበት ደብዳቤ ይመስላል፤ ቀልዴን ነው ብሎ ማፈግፈግ ያስቸግራል። «nafekshign» ግን እየሄዱ የሚወረውሩት ቃል ነው። ካልተመለሰለት እንዳልተናገረ ይቆጠራል። እኔ ግን አንብቤዋለሁ! ሦስቴ አንብቤዋለሁ!

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ባለፈው ክረምት፣ «ዝናቡ ሲመጣ አንቺን አሰብኩ» ብሎ በፊደል ጻፈልኝ። አራት ቃል። እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም።